የስድስት ፎቶዎች ምርመራ፦ ለአጎቴ የቀረበው የጀልባ ሞተር የማን ነው?

ሰኞ ከሰዓት

አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ሰው የሚያመላልሱበት ጀልባ ሞተሩ ከእንግዲህ የሚታመን አይደለም። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ሲነሣና ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ሲመታት፣ ሐይቁ መሀል ላይ ሊጠፋ የሚችል ሞተር ይዞ ሰው መጫን አይቻልም። ስለዚህ ያገለገለ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ኢንዱሮ ሲያፈላልጉ ከርመዋል። ትናንት አንድ ሰው የአንድ ሻጭ ድረ ገጽ አድራሻ ላከላቸው። ዋጋው እዚህ ከሚጠራው በሲሶ ያህል ያነሰ ነው። ሻጩ ግማሹ ቀብድ ቀድሞ በባንክ እንዲገባለት፣ ቀሪው ሞተሩ ባሕር ዳር ሲደርስ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ሞተሩ አሁን ያለው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ነው ይላል።

አጎቴ ወደ ሱቄ መጥተው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ብሩን ከማስገባቴ በፊት እስቲ ይህን ነገር በደንብ እየው» አሉኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገንና ማተም ስለሆነ ከእኔ የሚጠብቁት ፎቶዎቹን እንድመረምር ነው። የማደርገውን ሁሉ እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ ለሌላም ባለ ጀልባ ሊጠቅም ይችላልና።

ገጹ ላይ ስድስት ፎቶዎች አሉ። የመጀመሪያው ነጭ መደብ ላይ የተነሣ አዲስ ሞተር ነው። ሁለተኛው አንድ ያገለገለ ሞተር በእንጨት መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ከጎን ያሳያል። ሦስተኛው ክዳኑ ተነሥቶ የሞተሩን ውስጥ፣ አራተኛው የታችኛውን ክፍልና ፕሮፔለሩን በቅርበት ያሳያሉ። አምስተኛው በርካታ ሞተሮች የተደረደሩበት መጋዘን ነው። ስድስተኛው ደግሞ ደንገል ዳር የቆመች ጀልባ ከሩቅ። ከፎቶዎቹ በታች «በ2014 ዓ.ም. በአዲስነቱ የተገዛ፣ አንድ ባለቤት ብቻ የነበረው፣ ጣና ላይ ብቻ የሠራ» ተብሎ ተጽፏል።

ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት እያንዳንዱ ፎቶ ምን ብሎ እንደሚናገር ለየሁ። አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የፋብሪካውን ፎቶ ቢለጥፍ ነውር የለውም፤ የሚሸጠው ዕቃ ከፎቶው ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያገለገለ ዕቃ ፎቶ ግን «የምሸጥልህ ይህንኑ ነው፤ ጭረቱም ዝገቱም የእርሱ ነው» ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶ በመቶ ቦታ ቢገኝ ምንም አያስረዳኝም፤ ትቼዋለሁ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከአንድ ሌላ ቦታ እንኳ ከተገኙ ግን ሻጩ መልስ የሚሰጥበት ጉዳይ አለ ማለት ነው።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ማታ የሠራሁት ማስቀመጥ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንሥቶ በዚያው ይፈልጋል። እንዲህ ሲደረግ የገጹ ጽሑፍና የስልኩ አዝራሮች ከምስሉ ጋር ይገባሉ፤ ፍለጋውም ይበላሻል። ፋይሉን ራሱን ማውረድ ይሻላል፤ የሚቻል ከሆነም ትልቁን ቅጂ።

የሻጩ ገጽ የተሠራው በዎርድፕረስ ነው። ዎርድፕረስ አንድ ፎቶ ሲጫንበት በራሱ የተለያየ መጠን ያላቸው ትናንሽ ቅጂዎች ያዘጋጅና መጠናቸውን በፋይሉ ስም ጫፍ ላይ ይጽፋል። የሁለተኛው ፎቶ አድራሻ መጨረሻው እንዲህ ነበር፦

```
/wp-content/uploads/2024/03/motor2-300x300.jpg
```

`-300x300` የሚለውን አጥፍቼ አድራሻውን እንደገና ስከፍተው 900 በ900 ፒክስል የሆነው ቅጂ መጣ። ለፍለጋ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ በትንሹ ቅጂ ላይ ያልታዩኝ ጭረቶች በዚህኛው ላይ ወጥተዋል። አድራሻው ውስጥ ያለው 2024/03 ደግሞ ፎቶው በዚህ ድረ ገጽ ላይ የተጫነበት ዓመትና ወር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲትና መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ፎቶው የተነሣበት ቀን ግን አይደለም። ሰው ድረ ገጹን ከሌላ ቦታ ሲያዛውርም አዲስ ወር ሊጻፍ ይችላል። ለጊዜው መዝግቤ አልፌዋለሁ።

ሁሉንም ፎቶዎች በአንድ ማህደር አስቀመጥኩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የተገኘበትን አድራሻና ያወረድኩበትን ቀን ጻፍኩ። የሻጩን ገጽም `web.archive.org` ላይ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ሻጩ ጥያቄ ሲበዛበት ፎቶውን ቢያነሣ ወይም ጽሑፉን ቢለውጥ ዛሬ ያየሁት በሌላ ወገን እጅ ተመዝግቦ ይቆያል።

ፋይሎቹ ውስጥ ካሜራው የጻፈው መረጃ ቀርቶ እንደሆነም አየሁ፤ ባዶ ናቸው። ይህ በራሱ ጥርጣሬ አይደለም። ፎቶ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያ መረጃ ይወገዳል፤ ሐቀኛ ሻጭም እንዲህ ያለ ፎቶ ሊለጥፍ ይችላል።

ማክሰኞ ከሰዓት

ሁለተኛውን ፎቶ በጎግል ሌንስ ፈለግሁ። ወዲያው ብዙ የያማሃ ሞተር ፎቶዎች መጡ፤ አጎቴ ከኋላዬ ቆመው «ይኸው! ይህ ነው!» ማለት ጀመሩ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ሌንስ በዋነኛነት ፎቶው ውስጥ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ ይለይና የሚመስሉትን ያመጣል። አንድ ፋብሪካ ያወጣቸው ሞተሮች ሁሉ አንድ ቀለም፣ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ጽሑፍ አላቸው፤ መመሳሰላቸው ፎቶው ተሰርቋል አያሰኝም።

አንድን ፎቶ ከሚመስለው ፎቶ የሚለየው በአጋጣሚ የገባው ነገር ነው። ለዚህ ሲባል ከሁለተኛው ፎቶ ላይ ፋብሪካ ያልሠራቸውን ሦስት ነገሮች መርጬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ከክዳኑ መቆለፊያ በታች ግራጫ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ብረት የወጣበት የጣት ርዝመት ያለው ጭረት። ሁለተኛ፣ መቆሚያው እንጨት ላይ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ ሰማያዊ ገመድ። ሦስተኛ፣ በፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ ጥቁር ቀጥ ያለ ምልክት፤ የአንድ ፊደል ግማሽ ይመስላል፣ ቀሪው ተቆርጧል። ከዚያ የመጣውን ውጤት ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ብቻ መዘንኩ። አንድም አላለፈም። Exact matches የሚለውን፣ ያንኑ ምስል ብቻ የሚያሳየውን ክፍል ስከፍት ደግሞ የመጣው የሻጩ የራሱ ገጽ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ማታ

ወደ ቲንአይ ሄድኩ፤ አድራሻው `tineye.com` ነው። ቲንአይ ሞተር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ከምስሉ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ይሠራና በራሱ መዝገብ ካሉት ምስሎች ጋር ያስተያያል። የሚመስል ዕቃ አያመጣም፤ የሚያመጣው ያንኑ ፎቶ ነው፣ ቢያንስም ቢከረከምም ቀለሙ ቢለወጥም። በሌላ በኩል መዝገቡ ከጎግል ያነሰ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። ሁለቱን ማፈራረቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለሦስተኛው ፎቶ፣ ክዳኑ ለተነሣው፣ ምንም የለም። ለሁለተኛው ግን ከሻጩ ገጽ ውጭ ሁለት ውጤት መጣ።

አንደኛው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያገለገሉ ጀልባዎችና ሞተሮች የሚሸጥ የአንድ ትንሽ ግቢ ገጽ ነው። ሁለተኛው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ሌላ አገር ላይ ያለ ሻጭ ነው፤ ያንኑ ሞተር በሌላ ዋጋ፣ በሌላ ታሪክ ያቀርባል። አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ መጋዘንም እዚያም ሊሆን አይችልም።

የፍሎሪዳውን ፎቶ ከፍቼ ሦስቱን ምልክቶች ፈለግሁ። ጭረቱ በቦታው አለ። ሰማያዊው ገመድ በቦታው አለ፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ላይ የሚደራረብበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። ፎቶው 1600 በ1200 ፒክስል ነው፤ በቀኝ በኩልም ከሻጩ ፎቶ ይሰፋል። በዚያ ስፋት ላይ የሌላ ጀልባ አፍንጫ ይታያል፤ ጎኑ ላይም ትላልቅ ጥቁር ፊደሎች አሉ። በአሜሪካ የሞተር ጀልባ መመዝገቢያ ቁጥር በጀልባው አፍንጫ ግራና ቀኝ ይጻፋል፣ የሚጀምረውም በግዛቱ ሁለት ፊደል ነው። የዚህኛው መጀመሪያ FL ይላል። በሻጩ ፎቶ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ የቀረው ጥቁር ምልክት የF ቋሚ መስመር ነው። ፎቶውን አራት ማዕዘን አድርጎ የከረከመው ሰው ፊደሎቹን ሊያስወግድ ፈልጎ ከፊደሉ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሳይቆርጥ ቀርቷል።

ይህ አቅጣጫውንም ይነግረኛል። ከተከረከመ ፎቶ ተነሥቶ የተቆረጠውን ክፍል መልሶ ማምጣት አይቻልም፤ ሰፊው ፎቶ ለምንጩ የቀረበው ነው። የፒክስል ብዛት ብቻውን ግን አያስተማምንም፣ ትንሽን ፎቶ በኮምፒውተር ማሳደግ ይቻላልና። ብዙ ትዕይንት ማሳየቱ ይበልጣል።

ረቡዕ ጠዋት

ዛሬ ትልቁን ነገር ያገኙት አጎቴ ናቸው።

አራተኛው ፎቶ፣ ፕሮፔለሩን የሚያሳየው፣ በሌንስም በቲንአይም በሩሲያው መፈለጊያ በያንዴክስም ምንም አላመጣም። ትልቁን ቅጂ ስክሪኑ ላይ ከፍቼ ትቼው ለደንበኛ ሳትም አጎቴ መጡና ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ይህ ፕሮፔለር በግራ የሚዞር ነው» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንድ ሞተር ብቻ የሚሸከሙ ጀልባዎች ፕሮፔለር ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላ ለሚያየው ሰው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል፤ ክንፎቹም ለዚያ እንዲስማሙ ተጣመው ይሠራሉ። ወደ ግራ የሚዞር የለም ማለት አይደለም። ሁለት ትላልቅ ሞተሮች ጎን ለጎን በሚታሰሩበት ጀልባ ላይ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እንዲዞር ይደረጋል። «ባለ 40 ላይ ግን እኔ አይቼ አላውቅም» አሉ አጎቴ። «ደግሞ የቁጥር ሰሌዳውን ተመልከት፤ በግራ በኩል መሆን ሲገባው በቀኝ ነው ያለው።»

እውነታቸውን ነው። ሞተሩን ከጀልባው ኋላ ጋር የሚያጣብቀው ብረት ላይ ያለችው የመለያ ቁጥር ሰሌዳ በያማሃ ሞተሮች ላይ የምትገኘው በግራ ጎን ነው። በፎቶው ላይ ጫፏ ብቻ ይታያል፣ ጽሑፏ አይነበብም፤ ግን በቀኝ ጎን ነው ያለችው። ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጧል ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት ፍለጋን ለማምለጥ ነው፤ የመፈለጊያ መሣሪያዎች የተገለበጠን ምስል ብዙ ጊዜ እንደ ሌላ ምስል ያዩታል። ሁለተኛው ፎቶ ያልተገለበጠው ምናልባት ክዳኑ ላይ YAMAHA የሚለው በትልቁ ስለተጻፈ ነው፤ ቢገለበጥ ማንም ያየው ነበር። አራተኛው ላይ ግን የሚነበብ ጽሑፍ የለም።

መልሼ ገለበጥኩት። ስልክ ላይ የፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ይህ አዝራር አለ፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ በኢሜጅማጂክ ሠራሁት፦

```
magick motor4.jpg -flop motor4-flop.jpg
```

`-flop` ግራና ቀኝን ይገለብጣል፤ `-flip` ቢባል ግን ላይና ታቹን ነበር የሚገለብጠው። የተስተካከለውን ፎቶ እንደገና በሦስቱም ላይ ፈለግሁ። ቲንአይ አሁንም ምንም አላገኘም። ያንዴክስ ላይ ግን የፍሎሪዳው ግቢ ያው ገጽ መጣ፤ ከሌላው ፎቶ ሥር ተቀምጧል።

አጎቴ ከዚያው ፎቶ ላይ ሌላም ነገር አወጡ። ከፕሮፔለሩ በላይ የምትታሰር ትንሽ የዚንክ ቁራጭ አለች፤ ሌላው ብረት እንዳይበላ እርሷ ቀድማ እንድትበላ የምትደረግ። በጨው ውኃ ላይ ቶሎ ታልቃለች። በጣና ጨው በሌለበት ውኃ ግን ብዙም አትበላም፤ የአጎቴ ሞተር ላይ ያለችው ከዓመታት በኋላም ሙሉ ናት። በፎቶው ላይ ያለችው ግማሿ ሄዷል፣ የቀረውም በቀዳዳ ተበሳስቷል። ይህ ሞተር ባሕር ላይ የሠራ ነው። «ጣና ላይ ብቻ» የሚለውን ፎቶው ራሱ ይቃወመዋል፤ ለዚህ ፍለጋ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ የቀኖች ነገር ነው። ማን ቀደመ የሚለው ካልታወቀ «እነርሱ ናቸው ከእኔ የወሰዱት» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል።

ቲንአይ ላይ ውጤቶችን ከጥንታዊው ጀምሮ መደርደር ይቻላል። ለፍሎሪዳው ፎቶ የጻፈው ቀን ሐምሌ 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ ቀን የሚነግረው ቲንአይ ምስሉን መጀመሪያ ያየበትን ነው፤ ፎቶው የተለጠፈው ከዚያ በፊት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሊሆን አይችልም። ለእኔ የሚበቃኝም ይኸው ነው። ገጹን `web.archive.org` ላይ ስፈልገው ሰኔ 2019 ላይ የተቀመጠ ቅጂ ተገኘ፤ ሁለቱም ፎቶዎች በዚያ ቅጂ ላይ አሉ። የሻጩን ድረ ገጽ ስም `lookup.icann.org` ላይ ስጠይቅ ደግሞ የተመዘገበው በ2024 መጀመሪያ ነው፤ ፎቶው ከተጫነበት ወር ጥቂት ቀደም ብሎ። ሦስቱ መረጃዎች ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች መጥተው አንድ ነገር ይላሉ።

የዘመን አቆጣጠሩን ሳስተያይ ደግሞ የሻጩ ታሪክ ራሱ ፈረሰ። ሻጩ ሞተሩ በአዲስነቱ የተገዛው በ2014 ዓ.ም. ነው ይላል፤ ያ ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 እንደ አውሮፓውያን ያለው ጊዜ ነው። የተጫረውና ዚንኩ የተበላው ሞተር ፎቶ ግን ሰኔ 2019 ላይ፣ ማለትም በ2011 ዓ.ም. ድረ ገጽ ላይ ነበር። ሁለት አቆጣጠር ባለበት አገር ይህን ማስላት ሳይታሰብ ይታለፋል፤ 2014 እና 2019 ጎን ለጎን ሲታዩ የሻጩ ዓመት የቀደመ ይመስላልና።

ዓርብ

የቀሩት ሁለት ፎቶዎች። ስድስተኛው በቀላሉ ተገኘ፤ ጣናን የሚያስጎበኝ የአንድ ድርጅት ገጽ ላይ ያለ ፎቶ ነው። አጎቴ ጀልባዋን ለይተው ያውቋታል። ባለቤቷን ደውለው ጠየቁት፤ ሞተሩን ሸጦም ለሽያጭ አቅርቦም አያውቅም።

አምስተኛው፣ የመጋዘኑ ፎቶ፣ ግን በሁሉም መሣሪያ ፈልጌ፣ ገልብጬ ፈልጌ፣ የግድግዳውን ክፍል ብቻ ከርክሜ ፈልጌ አልተገኘም። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «አልተገኘም» ብቻ ነው። አጎቴ «እንግዲያው ይህኛው የራሱ ነው» ሲሉ ተቃወምኳቸው። መፈለጊያዎቹ የሚያውቁት መዝገባቸው ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። እኛ አገር አብዛኛው ዕቃ የሚሸጠው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው፤ ከዚያ የተወሰደ ፎቶ ብዙ ጊዜ በእነዚህ መሣሪያዎች አይገኝም። ፎቶው የሻጩም ሊሆን ይችላል፣ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል የተወሰደም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውም እንዲሁ አልተገኘም፤ በፍሎሪዳው ገጽ ላይም የለም።

ቅዳሜ

ሻጩን ከማነጋገራችን በፊት ለእርሱ የሚጠቅመውን መንገድ አሰብኩለት። ያገለገለ ሞተር ከአገር አገር ይሸጣል። ከፍሎሪዳ የወጣው ሞተር በእጅ በእጅ አልፎ እዚህ ደርሶ፣ ሻጩም የድሮውን ማስታወቂያ ፎቶ ለጥፎ ሊሆን ይችላል። የምስል ፍለጋ ፎቶው የእርሱ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ሞተር የለውም ግን አያሰኝም። ይህን የሚለየው አዲስ ፎቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ አጎቴ እንዲህ ብለው ጻፉለት፤ ቃላቱን አብረን አዘጋጀን፦ «ወንድሜ፣ ሞተሩን ከመግዛቴ በፊት የቁጥር ሰሌዳው እንዲታይ አድርገህ አንድ ፎቶ አንሣልኝ። ከጎኑ ወረቀት ላይ ‹ደብረ ማርያም› ብለህ ጻፍበት። በቴሌግራም ስትልክልኝ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ።» የወረቀቱ ቃል እኛ የመረጥነው ስለሆነ ከሌላ ቦታ ሊገኝ አይችልም። ሰሌዳውን የጠየቅነው ቁጥሩ የአንድ ሞተር ብቻ ስለሆነ ነው። እንደ ፋይል የሚላከው ደግሞ ካሜራው የጻፈው ቀንና ሰዓት እንዳይጠፋ ነው።

ማታ መልስ መጣ። ሞተሩ ተጠቅልሎ ታሽጓል፤ አሁን መክፈት አይቻልም፤ ሌላ ገዢ ስላለ ቀብዱ እስከ ሰኞ ካልገባ ይሸጣል ይላል። አብሮም ሁለተኛውን ፎቶ እንደገና ልኳል፤ ያንኑ፣ ከF ፊደሉ ቁራጭ ጋር።

በዚያው ማታ ለፍሎሪዳው ግቢ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። ፎቶው የት እንደተገኘ ገልጬ፣ ሞተሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሸጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁ።

ማክሰኞ

ከፍሎሪዳ መልስ መጥቷል። ሞተሩን በዚያው በ2019 ለአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ሸጠውታል፤ ሰውየው አሁንም ለጥገና ወደ እነርሱ ያመጣዋል። ፎቶዎቹን ማንም እንዲጠቀም አልፈቀዱም።

ከመልሱ ጋር ያልጠየቅሁትን ጠቃሚ ነገር ጨምረው ላኩ። በዚያን ዕለት ያነሡትን፣ ገጹ ላይ ፈጽሞ ያልወጡ ሌሎች ፎቶዎች ናቸው። ያው መቆሚያ፣ ያው ሰማያዊ ገመድ፣ ጥላው ትንሽ ተዛውሮ፣ ሞተሩ ከሌላ ጎን። ፎቶ የሰረቀ ሰው የተለጠፈውን ይዟል እንጂ ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሡትን ሊይዝ አይችልም። የካሜራው መረጃም ሙሉ ነው፤ ሰኔ 2019 ይላል። ከመካከላቸው አንዱ ክዳኑ ተነሥቶ የሞተሩን ውስጥ ያሳያል። ከሻጩ ሦስተኛ ፎቶ ጋር አስተያየሁት፤ የሻጩ የሌላ ሞተር ነው፣ የነዳጅ ቱቦዎቹ በሌላ መንገድ ነው የታሰሩት። ሻጩ አንድ ሞተር ብሎ ያቀረበው ከተለያዩ ሞተሮች የተሰበሰበ ነው።

አጎቴ ቀብዱን አላስገቡም። ለሻጩ ፎቶው የተወሰደበትን ገጽ ላኩለት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድረ ገጹ ላይ ሁለተኛውና አራተኛው ፎቶ ጠፍተው ሌላ ሞተር ገብቶባቸዋል፤ ጽሑፉና ዋጋው ግን አልተለወጠም። ሰኞ ያስቀመጥነው ቅጂ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳለ ይዞታል። ወደብ ላይ ለዚያው ሻጭ ቀብድ ሊልክ የነበረ ሌላ ባለ ጀልባ ስላለ የማህደሩን ቅጂ ሰጥቼዋለሁ፤ እርሱም ለፖሊስ ሊያሳየው ነው።

ጎርጎራ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ያገለገለ ባለ 40 እንዳለው ነግሯቸዋል። ያንኑ ጥያቄ ላክንለት፤ ሰሌዳውን፣ ወረቀቱን፣ ፋይሉን። ከምሳ በፊት ላከ። ቁጥሩ ይነበባል፣ ሰሌዳዋ በግራ ጎን ናት፣ ፕሮፔለሩ በቀኝ የሚዞር ነው፣ የዚንኳ ቁራጭም አልተበላችም። ቀብድ አልጠየቀም። አጎቴ ሐሙስ ከመካኒካቸው ጋር ሄደው ውኃ ላይ አስነሥተው ሊያዩት ነው።